ሶስት ገቢር፣ አራት ክፍል ወይስ ስምንት ሲኩዌንስ? የፊልም ታሪክ መሃሉ ላይ እንዳይዝል የትኛውን እንምረጥ

የፊልም ስክሪፕት ሲጻፍ መጀመሪያው ብዙም አያስቸግርም። መጨረሻውም አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ይታወቃል። ጸሐፊውን የሚያደክመው መሃሉ ነው። ከ30ኛው ደቂቃ እስከ 75ኛው ያለው ሜዳ ላይ ታሪኩ ይዝላል፣ ተመልካቹም ስልኩን ያወጣል።

ይህንን መሃል ለመያዝ ጸሐፊዎች የሚጠቀሙባቸው ሶስት አከፋፈሎች አሉ። አንደኛው ሁላችንም የሰማነው ሶስት ገቢር ነው። ሁለተኛው ያንኑ ሶስት ገቢር መሃሉ ላይ ገምሶ አራት የሚያደርገው ነው። ሶስተኛው ፊልሙን ሲኩዌንስ በሚባሉ ስምንት አጫጭር ቁራጮች የሚከፍለው ነው። ሶስቱም አንድን ታሪክ ነው የሚያደራጁት። ልዩነታቸው ታሪኩ የት እንደሚታጠፍና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ነው።

በወሬ ብቻ እንዳይሆንብን አንድ ታሪክ ይዘን እንሂድ። ደብረ ብርሃን የሚኖር የመንዝ ልጅ የሆነ ጓደኛዬ እየጻፈው ያለ ስክሪፕት ነው። በእሱ ፈቃድ ነው የማወራው።

ታሪኩ መሐል ሜዳ አካባቢ ነው። ጋሽ ተሰማ ባና የሚባለውን የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ የሚሠሩ የታወቁ ሸማኔ ናቸው። ከደብረ ብርሃን ከመጣ ሀብቴ ከሚባል ነጋዴ ቀብድ ተቀብለዋል። ከመስቀል እስከ ጥምቀት 20 ባና ሊያስረክቡ ነው። ካላስረከቡ በሬያቸው ይሄዳል። ጋሽ ተሰማ ውርጭ ባጠነከረው ዳገት ላይ ይወድቁና ቀኝ እጃቸው ይሰበራል። በታሪኩ መንደር ሴት ትፈትላለች፣ የሚሸምነው ወንድ ነው። ልጃቸው ዘነበች ግን ከልጅነቷ ጀምሮ አባቷን ስታይ ያደገች ናት። ማታ ማታ ተደብቃ የሸማኔው ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች። ፊልሙ 100 ደቂቃ ገደማ እንዲሆን ነው የታሰበው።

መጀመሪያ መታጠፊያው ይለይ

ከአከፋፈሉ በፊት አንድ ነገር መለየት አለበት። ክስተትና ውሳኔ ይለያያሉ።

የጋሽ ተሰማ እጅ የሚሰበረው 9ኛው ደቂቃ ላይ ነው። ይህ ታሪኩን የሚቀሰቅስ ክስተት ነው። ብዙ ጀማሪ ጸሐፊ እዚህ ላይ «የመጀመሪያውን መታጠፊያ ጻፍኩ» ብሎ ያልፋል። ገና አልጻፈም። እጅ መሰበር በሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው። መታጠፊያው ዘነበች እግሯን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብታ መወርወሪያውን ስታነሳ ነው። እሷ ወስናለች። ከዚያ ወዲያ ወደ ድሮ ኑሮዋ መመለስ አትችልም። በስክሪፕቱ ይህ 24ኛው ደቂቃ ላይ ነው።

በሁለቱ መካከል 15 ደቂቃ አለ። እነዚህ 15 ደቂቃዎች ሥራቸው በሮችን መዝጋት ነው። ዘነበች አጎቷ ጋ ትሄዳለች፣ እሱም ሸማኔ ነው፣ ግማሹን ገንዘብ ካልሰጣችሁኝ ይላል። ሀብቴ ጋ ትሄዳለች፣ ቀኑን አላራዝምም ይላል። ሰው መጥቶ በሬውን ሲያይ፣ ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ሲገምት እናያለን። አሁን የቀራት መንገድ አንድ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ስትገባ ተመልካቹ «ምነው ገባች?» አይልም፣ ይገባዋል።

ይህን መታጠፊያ ወደ 14ኛው ደቂቃ ብንስበው ፊልሙ ይፈጥናል። ግን ዋጋ ያስከፍላል። ሴት ጉድጓድ ውስጥ መግባቷ በዚያ መንደር ምን እንደሚያመጣ ተመልካቹ ገና አላየም። ስለዚህ ውሳኔዋ አይከብደውም። መሳብ የግድ ከሆነ የመንደሩን ደንብ በአንድ ጠንካራ ትዕይንት አስቀድሞ ማሳየት ያስፈልጋል።

ወደ 38ኛው ደቂቃ ብንገፋው ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ተመልካቹ ፖስተሩን አይቷል። ሴቲቱ መወርወሪያ ይዛለች። ማስታወቂያውም ይህንኑ ነግሮታል። አስቀድሞ ያወቀውን ነገር ለማየት 38 ደቂቃ ይጠብቃል። ፊልሙ «ቀርፋፋ» ነው የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ትዕይንቶቹ ረዝመው ላይሆን ይችላል። የተገባው ቃል ዘግይቶ ነው።

ከጠቅላላው ርዝመት ሩብ አካባቢ የሚባለው ልማድ የመጣው ከዚህ ነው። በሮቹን ለመዝጋት ይበቃል፣ ሰው ሳይሰለችም ይደርሳል።

አንደኛው ምርጫ፦ ሶስት ገቢር

ሲድ ፊልድ የሚባለው አሜሪካዊ በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አከፋፈል በገጽ ቁጥር አስቀመጠው። ለ120 ገጽ ስክሪፕት 30፣ 60፣ 30። የመጀመሪያው መታጠፊያ ከ25 እስከ 27ኛው ገጽ፣ ሁለተኛው ከ85 እስከ 90ኛው ገጽ አካባቢ። ለኛ 100 ደቂቃ ስናሰላው 25፣ 50፣ 25 ይሆናል።

በቴአትር ገቢር ሲያልቅ መጋረጃ ይዘጋል። በፊልም መጋረጃ የለም። ተመልካቹ ገቢር ማለቁን የሚያውቀው ጥያቄው ሲቀየርበት ነው። በዘነበች ታሪክ የመጀመሪያው ገቢር ጥያቄ «ምን ታደርጋለች?» ነው። የሁለተኛው «ትያዝ ይሆን?» ነው። የሶስተኛው «ታስረክብ ይሆን?» ነው።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። «ትያዝ ይሆን?» የሚለው አንድ ጥያቄ 50 ደቂቃ መሸከም አለበት። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ሶስት «ልትያዝ ስትል» የሚባሉ ትዕይንቶች ነበሩ። በአንዱ እማማ በላይነሽ እሳት ሊጭሩ ይመጣሉ። በሌላው ቄሱ በሽተኛ ሊጠይቁ ይገባሉ። በሶስተኛው የጎረቤት ልጅ በቀዳዳ ያያል። በሶስቱም ዘነበች ኩራዟን እፍ ትላለች። ሰው ይሄዳል። ኩራዟን መልሳ ትለኩሳለች።

የመጀመሪያው ያስጨንቃል። ሁለተኛውም ምንም አይል። ሶስተኛው ላይ ተመልካቹ ኩራዙ እንደሚለኮስ ያውቃል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ትዕይንቱ ሲያልቅ ሁሉም ነገር ሲጀምር ከነበረበት አልተነቃነቀም። እንዲህ ዓይነት ትዕይንት የቱንም ያህል በደንብ ቢቀረጽ፣ ሙዚቃው የቱንም ያህል ልብ ቢያንጠለጥል ታሪኩን አያስኬደውም።

ሶስት ገቢርን ይዞ ይህን ማዳን ይቻላል። እማማ በላይነሽ በሩን ከፍተው ያዩዋት። ዝም ብለው ያዩዋት፣ ከዚያ እንዝርታቸውን አምጥተው ይቀመጡ። አሁን ምስጢሩ የሁለት ሰው ሆነ። ፈትሉ ፈጠነ፣ አደጋውም ጨመረ። ቄሱ ሲመጡ ደግሞ ጋሽ ተሰማ ራሳቸው «ማነው ማታ የሚሸምነው?» ተብለው ይጠየቁ። ከዚያ በኋላ አባትየው መጠርጠር ይጀምራሉ። ልጁ ያየውን ሜዳ ላይ ይናገር። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ ትዕይንት ከበፊቱ የተለየ ሁኔታ ጥሎ ይሄዳል።

ሶስት ገቢር የሚስማማው እንዲህ ላለ ታሪክ ነው። ግቡ አንድ፣ የሚታይ፣ ቀነ ገደብ ያለው ሲሆን። እንቅፋቶቹ ደግሞ በዓይነት የሚለያዩ ሲሆኑ። እንቅፋቶቻችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ሁለቱ ቦታ ቢለዋወጡ ምንም የማይበላሽ ከሆነ ግን መሃሉ ገና አልተሠራም።

ሁለተኛው ምርጫ፦ መሃሉን መገመስ

ክሪስቲን ቶምፕሰን የተባለች የፊልም ተመራማሪ በ1999 ባሳተመችው ጥናት ብዙ የሆሊውድ ፊልሞችን በሰዓት ለክታ ነበር። ያገኘችው አብዛኞቹ በአራት ተቀራራቢ ክፍሎች እንደሚሄዱ ነው፤ እያንዳንዱ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። ማለትም ረጅም ከሚባለው ሁለተኛ ገቢር መሃል ላይ ሌላ ትልቅ መታጠፊያ አለ። ፊልድም በኋላ በጻፋቸው መጻሕፍት አጋማሹን ጨምሮበታል።

ሁላችንም የምናውቀው ምሳሌ «ታይታኒክ» ነው። ከሶስት ሰዓት ከሩብ ለማይርቀው ፊልም መርከቧ የበረዶውን ተራራ የምትመታው አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ አካባቢ ነው። ግማሽ ላይ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ጥያቄው «ይዋደዱ ይሆን? ቤተሰቧ ይፈቅድላት ይሆን?» ነበር። ከዚያ በኋላ «ይተርፉ ይሆን?» ሆነ። ሰዎቹ ያው ናቸው። ጥያቄው ግን ሌላ ነው። ፍጥነቱም የሚቀየረው በዚህ የተነሳ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ በእራት ግብዣና በወሬ ረጋ ብሎ ይሄዳል። ሁለተኛው ውሃው ከኋላ እያባረረ ያስሮጣቸዋል።

ወደ ዘነበች እንመለስ። 50ኛው ደቂቃ ላይ ምን ይሁን? ጓደኛዬ መጀመሪያ ያሰበው ዝናብ ነበር። ያልተጠበቀ ዝናብ መጥቶ የተዘጋጀውን ሱፍ ያበላሸዋል። ችግር ነው፣ ከበፊቱ የባሰ ነው። አጋማሽ ግን አይደለም። ከዝናቡ በኋላም ጥያቄው «ትያዝ ይሆን?» ነውና። ችግር ሲከብድ ፊልሙ ይከብዳል እንጂ አይታጠፍም።

ያገኘነው ይህ ነው። ሀብቴ ሥራው የት እንደደረሰ ለማየት ይመጣል። ያለቁትን ባናዎች ይዘረጋቸዋል። ጠርዙን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ይሄዳል፣ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። «ይሄ የጋሽ ተሰማ እጅ አይደለም» ይላል። ዘነበችን ያያታል። ይገባዋል። አይጮህም። ለመንደሩም አይነግርም። «ሌላ 20 ትጨምሪልኛለሽ፣ ያለ ክፍያ» ይላታል።

አሁን ተይዛለች። «ትያዝ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ አበቃ። አዲሱ ጥያቄ «ከዚህ ሰው እጅ እንዴት ትወጣለች?» ነው። የሚቀጥሉት 25 ደቂቃዎች የተለየ ፊልም ይመስላሉ። ከአጋማሹ በፊት ሶስት ደቂቃ የሚፈጅ ዝምተኛ የሽመና ትዕይንት ተመልካቹ ይወደዋል። ድሩ፣ ማጉ፣ የመወርወሪያው ድምፅ፣ ትንፋሿ። ከአጋማሹ በኋላ ግን ያው ትዕይንት 40 ሰከንድ ይበቃዋል። ጥበቡን አይተነዋል። አሁን የምናየው ግዳጁን ነው።

ይህ ምርጫ የሚጠይቀው ነገር አለ። አጋማሹ ቀድሞ መተከል አለበት። 6ኛው ደቂቃ ላይ ሀብቴ ቀብዱን ሲሰጥ የጋሽ ተሰማን ባና ጠርዝ በአውራ ጣቱ ይዳስስ። «እጅህን በጨለማም አውቀዋለሁ» ይበላቸው። ሙገሳ ይመስላል። ተመልካቹም ያልፈዋል። 50ኛው ደቂቃ ላይ ግን ያ ሙገሳ ወጥመድ ሆኖ ይመጣል። 6ኛው ደቂቃ ላይ ካልተተከለ ሀብቴ ድንገት አዋቂ ሆኖ የመጣ ይመስላል፣ ተመልካቹም «ጸሐፊው ቸግሮት ነው» ይላል። ትክክሉንም ነው የሚለው።

ሌላም አለ። የሀብቴ ሚና ስላደገ ተዋናዩም ሊያድግ ግድ ነው። ሁለት ትዕይንት ብቻ ያለው ነጋዴ አሁን የፊልሙ ተቃዋሚ ሆኗል። በጀት ለሚቆጥር አዘጋጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሶስተኛው ምርጫ፦ ስምንት ሲኩዌንስ

ይህን ያስተማረው የቼክ ተወላጁ ፍራንክ ዳንኤል ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ለብዙ ዓመት የስክሪፕት መምህር ነበር። ከኋላው የድሮ ፊልም ጥቅል አለ። 1,000 ጫማ ርዝመት ያለው የ35 ሚሊሜትር ጥቅል በሰከንድ 24 ፍሬም ሲታይ 11 ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። ጸሐፊዎችም ታሪኩን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በሚሆኑ ቁራጮች ማሰብ ለመዱ። እያንዳንዱ ሲኩዌንስ የራሱ ትንሽ ጥያቄ አለው፣ ጥያቄው ሲመለስ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ሶስቱ ገቢሮች አልጠፉም፤ ሁለቱ ሲኩዌንሶች አንደኛው ገቢር፣ አራቱ ሁለተኛው፣ ሁለቱ ሶስተኛው ናቸው።

ዘነበች ከመሐል ሜዳ የማትወጣ ከሆነ ይህ አከፋፈል ብዙም አይጠቅማትም። ታሪኩ ቦታ የሚቀያይር ቢሆን ኖሮ ግን እኔም የምመርጠው ይህንን ነበር። ለምሳሌ ባናዎቹን ጭና ወደ ደብረ ብርሃን ብትወርድ፣ ሀብቴን ብታጣው፣ ፍለጋ በጣርማ በር ዋሻ አልፋ ደብረ ሲና፣ ከዚያ ሸዋ ሮቢት ብትደርስ። የጣርማ በር ጭጋግ አንድ ሲኩዌንስ ነው፣ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ሌላ። ባና በዚያ ሙቀት ማን ይገዛታል? ይህ ብቻውን 12 ደቂቃ ይሸከማል።

አደጋው ቁራጮቹ እንደ ተከታታይ ድራማ ክፍል መሆናቸው ነው። ደብረ ሲና ላይ የተፈጠረው ችግር ደብረ ሲና ላይ ያልቃል፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። መድኃኒቱ የአንዱ መልስ የሚቀጥለውን ችግር እንዲወልድ ማድረግ ነው። ደብረ ሲና ላይ ለመኪና ብላ ሁለት ባና ትሸጣለች፣ ስለዚህ ሸዋ ሮቢት ላይ ሀብቴን ስታገኘው ቁጥሩ ይጎድላል። በሁለት ሲኩዌንሶች መካከል «ስለዚህ» ወይም «ግን» ማስገባት ካልተቻለ፣ «ከዚያ» ብቻ ከሆነ፣ ሰንሰለቱ እዚያ ላይ ተበጥሷል።

ሁለተኛው መታጠፊያ በሁሉም ውስጥ አለ

የትኛውንም ምረጡ፣ ከ75ኛው ደቂቃ አካባቢ የሚመጣው መታጠፊያ አይቀርም። በዘነበች ታሪክ ጋሽ ተሰማ ያውቃሉ። በግራ እጃቸው ቢላዋ ይዘው ገብተው ድሩን ይቆርጡታል። አይናገሩም።

ይህ ጥሩ መታጠፊያ የሆነው ስለሚያስለቅስ ብቻ አይደለም። ሰዓቱን ስለሚያጠብም ነው። የተቆረጠ ድር ተቀጣጥሎ አይሠራም፣ ባና የሚሆን ነገር ከተፈለገ እንደ አዲስ ማድራት ግድ ነው። ጥምቀት ደግሞ ቀርቧል። አሁን ብቻዋን አትጨርስም። ስለዚህ በሩን ከፍታ፣ ጠዋት በብርሃን፣ ሰው እያየ መሥራት አለባት። ምስጢሩ የሚያበቃው እሷ ራሷ ስታበቃው ነው። ክስተቱ የአባትየው ነው፣ ውሳኔው የእሷ። የመጀመሪያው መታጠፊያም የሠራው በዚሁ መንገድ ነበር።

ይህ 75ኛው ደቂቃ ላይ ከሆነ የቀሩት 25 ደቂቃዎች ድሩን ለማድራት፣ የመንደሩን ሴቶች ለመሰብሰብ፣ ሀብቴን ፊት ለፊት ለመግጠምና ከአባቷ ጋር ለመታረቅ ይበቃሉ። ወደ 88ኛው ቢገፋ 12 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ያኔ ጸሐፊው ከአራቱ ሁለቱን በአጭሩ ያልፋል። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው እርቁ ነው። አባት «ልጄ ሆይ» ብለው ያቅፏታል፣ ፊልሙ ያልቃል። የሀገራችን ፊልሞች መጨረሻ ተጣደፈ የሚባለው ከዚህ ሲሆን አይቻለሁ። ጡዘቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ መታጠፊያው ዘግይቶበት ነው።

የትኛውን?

የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን ለሚጽፍና ታሪኩ በአንድ መንደር፣ በጥቂት ሰዎች ዙሪያ ለሚሄድ ጸሐፊ እኔ አራቱን ክፍል እመርጣለሁ። ምክንያቴ አንድ ነው። 50 ደቂቃን በአንድ ጥያቄ መሸከም የልምድ ሥራ ነው፣ 25 ደቂቃ ግን ይቻላል። ጓደኛዬም ወደዚህ ነው ያደላው።

ታሪኩ ማሳደድ፣ ዘረፋ ወይም ውድድር ከሆነ ግን መሃሉን አትገምሱት። ጥያቄው እንዳይቀየር የሚፈለግበት ታሪክ ነው። ተመልካቹ «ያመልጥ ይሆን?» ብሎ ገብቶ መሃል ላይ ሌላ ጥያቄ ሲሰጠው የተታለለ ይመስለዋል። እዚያ ላይ ሶስት ገቢሩ ይሻላል። መንገድ ለሚሄድ ታሪክ ደግሞ ሲኩዌንስ።

ሶስቱም የማይሆኑት ታሪክም አለ። አንድ ክረምት በአንድ ቤት ውስጥ ምንም ሳይወሰን የሚያልፍበት፣ ሰው ኖሮ የሚታይበት ፊልም። እዚያ ላይ 25ኛው ደቂቃ ላይ መታጠፊያ መትከል ታሪኩን ይገድለዋል።

አንድ የቀረ የሥራ ጉዳይ አለ። አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ የሚለው ልክ የተሠራው ለእንግሊዝኛ፣ በኩሪየር 12 ነጥብ ፊደል፣ በተወሰነ ህዳግ ለተጻፈ ገጽ ነው። የአማርኛ ገጽ በፊደሉ ዓይነትና በመስመሩ ክፍተት ይለያያል። ስለዚህ «24ኛው ገጽ ላይ መታጠፊያዬ አለ» ማለት 24ኛው ደቂቃ ላይ አለ ማለት ላይሆን ይችላል። የስልክ ሰዓት ቆጣሪ ከፍታችሁ ቃለ ምልልሱን በተዋናይ ፍጥነት ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ዝምታ ያለበት ትዕይንት ላይ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ድርጊቱን በልባችሁ እስከ መጨረሻው ተከተሉት። የዘነበች የመጀመሪያ ሌሊት በወረቀት ላይ አራት መስመር ነው። በሰዓት ሲለካ ሶስት ደቂቃ ይሞላል።